ለንግድ ክርክር አስማሚ የሚሰጥ የአቋም መግለጫ እንዴት ይጻፋል?

«ጉዳያችን ወደ አስማሚ ተመርቷል። የአቋም መግለጫ አምጡ ተባልን። ክሱን ኮፒ አድርገን ብንሰጥስ?» ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ ክሱን ኮፒ አድርጋችሁ አትስጡ። ክስ የሚጻፈው ለሚፈርድ ሰው ነው፤ አስማሚ ግን አይፈርድም። ማን እንዳጠፋ መወሰን ሥራው አይደለም። የሚፈልገው ሁለታችሁ የት ቦታ ላይ ልትገናኙ እንደምትችሉ ማወቅ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ሦስት ነገር መንገር አለበት፦ የት ጠንካራ እንደሆናችሁ፣ የት ደካማ እንደሆናችሁ፣ ከስንት እስከ ስንት ብር መስማማት እንደምትችሉ። «የአቋም መግለጫ» የሚለው ስም ከስብሰባ በኋላ በጭብጨባ የሚነበበውን ስለሚያስታውስ፣ ብዙ ሰው መፈክር ይጽፋል። ይህኛው የሒሳብ ወረቀት ነው ብላችሁ አስቡት።

ጉዳያችሁ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ከፌዴራል ፍርድ ቤት ወደ አስማሚ የተመራ ይሁን፣ ወይም በውላችሁ መሠረት ከፍርድ ቤት ውጭ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 የሚታይ ዕርቅ ይሁን፣ አጻጻፉ አንድ ነው።

ምሳሌያችን

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ የፈጠርኩትን ጉዳይ ይዘን እንሂድ። እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁ የእንጨት ሥራ ድርጅት ናችሁ። ቢሾፍቱ ለሚገኝ አዲስ ሆቴል የ60 ክፍል ቁም ሳጥንና አልጋ ለመሥራት በ6,000,000 ብር ተዋዋላችሁ። ሆቴሉ 3,900,000 ከፍሏል፤ 2,100,000 ቀርቷል። ያስረከባችሁት 40 ቀን ዘግይታችሁ ነው። ውሉ ለዘገየበት እያንዳንዱ ቀን 0.1 በመቶ መቀጫ ይላል፤ በቀን 6,000 ብር ማለት ነው። ሆቴሉ «20 ቁም ሳጥን ከሥሩ አብጧል፣ መክፈቻዬም ዘግይቶ ገቢ አጥቻለሁ» ብሎ ቀሪውን ይዟል። እናንተ ደግሞ በቃል የታዘዛችሁት የ180,000 ብር ተጨማሪ ሥራ አለኝ ትላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

- ውሉና ማሻሻያ ካለ ማሻሻያው
- የክፍያ ማስረጃዎች፣ የባንክ ዝውውርም ይሁን ቼክ
- የተፈረሙ የርክክብ ሰነዶች
- ደብዳቤዎች፣ ኢሜይሎች፣ የቴሌግራም መልእክቶች (ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ የታተሙ)
- የራሳችሁ የግዢ ደረሰኞች፣ የሚጎዷችሁም ጭምር
- የባንክ ብድር ካለባችሁ ወለዱ ስንት እንደሆነ
- ጠበቃችሁ እስከ ይግባኝ ድረስ ስንት እንደሚያስከፍላችሁ በጽሑፍ የሰጣችሁ ግምት
- ለመስማማት ሥልጣን የሚሰጥ የውክልና ወይም የቦርድ ደብዳቤ

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው «ሥራ አስኪያጁን ልጠይቅ» እያለ ስልክ ይዞ የሚወጣ ከሆነ ሌላው ወገን እውነተኛ ቁጥሩን አያወጣም።

ደረጃ 1፦ ሁለት ወረቀት እንደምትጽፉ ወስኑ

አንዱ ለሌላው ወገንም የሚደርስ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃዋል። ሁለተኛው አስማሚው ብቻ የሚያየው ነው። ታሪኩ፣ ሰነዱና ጠንካራ ጎናችሁ የመጀመሪያው ላይ ይገባል። ደካማ ጎናችሁና የገንዘብ ወሰናችሁ ሁለተኛው ላይ ብቻ ይቀመጣል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታችኛው ጫፋችሁን ሌላው ወገን ካየ ድርድሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አስማሚው ካላየው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ይዳክራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሁለተኛው ወረቀት እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ «ለአስማሚው ብቻ፤ ለሌላው ወገን የማይተላለፍ» ብላችሁ ጻፉ። አስማሚ ከአንዱ የሰማውን ለማስታረቅ ብሎ ለሌላው ሊያነሳ ይችላል። በግልጽ ያልከለከላችሁትን ነገር ምስጢር መሆኑን እንዲገምት አትጠብቁ። ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ኢሜይል አትላኩ። ስማቸውም አይመሳሰል። «መግለጫ 1» እና «መግለጫ 2» ተብለው የተቀመጡ ፋይሎች አንድ ቀን መቀያየራቸው አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ታሪኩን በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ አስቀምጡ

ቀን፣ ምን ሆነ፣ የትኛው ሰነድ ያሳያል። ይኸው ነው። «በማናለብኝነት»፣ «ሆን ብሎ»፣ «በሚያሳዝን ሁኔታ» የሚሉትን አውጧቸው። አስማሚውን አያሳምኑም፤ ሌላውን ወገን ግን ያስቆጣሉ። የተቆጣ ሰው ደግሞ አይከፍልም።

በምሳሌያችን እዚህ ገጽ ላይ ሁለት ቀኖች ወሳኝ ናቸው። ሆቴሉ 15 ክፍሎችን ለሥራ ያስረከባችሁ ከተባለው ቀን 15 ቀን ዘግይቶ ነው፤ ደብዳቤ አላችሁ። ርክክቡ ያለ ተቃውሞ ተፈርሞ የመጀመሪያው የጉድለት ቅሬታ የመጣው ደግሞ ከ7 ሳምንት በኋላ ነው። እነዚህን ቀኖች ያለ ሐተታ ብቻ አስቀምጧቸው። አንባቢው ራሱ ይደርስባቸዋል።

ደረጃ 3፦ ጠንካራ ጎናችሁን ከሰነድ ጋር እሰሩት

እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይኑረው፤ አንዱ ነጥቡን፣ አንዱ ማስረጃውን የሚናገር። ለምሳሌ «ቀሪው 2,100,000 ብር ዋጋ መሆኑን ሆቴሉ አይክድም። ባለፈው ደብዳቤው ላይ ‹ቀሪ ክፍያውን የያዝነው በጉድለቱ ምክንያት ነው› ብሏል (አባሪ 4)።» ይህ ከአንድ ገጽ ክርክር ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሌላው ወገን ራሱ ያለው ነገር ነው።

ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ጠንካራ ጎን አትዘርዝሩ። አሥር ነጥብ ያለው ሰው አንዱም ላይ እርግጠኛ ያልሆነ ይመስላል።

ደረጃ 4፦ ደካማ ጎናችሁን ሳትሸሹ ጻፉ

ሰው የሚያቅማማው እዚህ ላይ ነው። «ለምን በራሴ ላይ እጽፋለሁ?» ይሉኛል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ደካማ ጎኑን ሳትጽፉ የምታወጡት ቁጥር የተሳሳተ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አስማሚው ነገሩን ከሌላው ወገን ነው የሚሰማው፤ ያኔ እናንተ ያላነሳችሁት ነገር ከሆነ ቀሪ ቁጥራችሁንም ይጠራጠራል።

የምሳሌያችንን ደካማ ጎኖች እንያቸው። ተጨማሪው የ180,000 ብር ሥራ በጽሑፍ አልታዘዘም። ያላችሁ የሆቴሉ የግንባታ ተቆጣጣሪ «ሠርታችሁ አምጡት፣ እንተሳሰባለን» ያለበት የቴሌግራም መልእክት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ሆቴሉን የማስገደድ ሥልጣን ነበረው ወይ? አከራካሪ ነው።

የከፋው ሌላ ነው። ውሉ ቁም ሳጥኖቹ እርጥበት በሚቋቋም ኤምዲኤፍ ቦርድ እንዲሠሩ ይላል። የግዢ ደረሰኛችሁን ስታገላብጡ ለ40 ክፍል የሚሆን ብቻ ነው የገዛችሁት። ለ20ው ገበያ ላይ ስለጠፋ ተራውን ተጠቅማችኋል። ያበጡትም 20 ናቸው። «ጽዳት ሠራተኞቹ ወለሉ ላይ ውሃ እየደፉ ነው ያበጠው» የሚለው ክርክራችሁ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ባለሙያ ቢላክ ቦርዱን ቆርጦ ያየዋል።

ይህን ለአስማሚው ብቻ በሚሄደው ወረቀት ላይ በሁለት መስመር አስቀምጡት፦ «20ው ላይ የተጠቀምነው ቦርድ ከውሉ የተለየ ነው። ፍርድ ቤት ባለሙያ ካዘዘ በዚህ ነጥብ የመሸነፍ ዕድላችን ከፍተኛ ነው።»

ማስጠንቀቂያ፦ ደካማ ጎንን ለሌላው ወገን አለመናገርና መዋሸት የተለያዩ ናቸው። ለሌላው ወገን በሚደርሰው ወረቀት ላይ «60ውም የተሠሩት በውሉ መሠረት ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። በማታለል የተገኘ ስምምነት በኋላ ሊፈርስ ይችላል፤ እናንተንም ለባሰ ክስ ያጋልጣል። ነጥቡን ማንሳት ካልፈለጋችሁ ስለ ቦርዱ ዓይነት ዝም በሉ፤ ስለ ርክክቡ ቀን ጻፉ።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን የገንዘብ ጥያቄ በዕድሉ አባዙ

የስምምነት ወሰን በስሜት አይወጣም። «ከ2 ሚሊዮን በታች አልቀበልም» ማለት ወሰን አይደለም፤ እልህ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ለየብቻ አስቀምጡ። ፍርድ ቤት ቢሄድ ከመቶ ስንት ዕድል እንዳለው ገምቱ። ከዚያ አባዙ።

ለእናንተ የሚቆጠረው፦

- ቀሪ ዋጋ፦ 2,100,000 በ95 በመቶ = 1,995,000
- ተጨማሪ ሥራ፦ 180,000 በ50 በመቶ = 90,000
- የ10 ወር ሕጋዊ ወለድ፣ በዓመት 9 በመቶ፦ 157,500 በ60 በመቶ = 94,500

ድምሩ 2,179,500 ብር። ወለዱ 60 በመቶ ብቻ የተሰጠው፣ «ክፈሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለሆቴሉ የጻፋችሁት ዘግይታችሁ ስለሆነና ሆቴሉ ክፍያውን የያዝኩት በምክንያት ነው ስለሚል ነው።

በእናንተ ላይ የሚቆጠረው፦

- የመዘግየት መቀጫ፦ 240,000 በ60 በመቶ = 144,000
- ያበጡት ቁም ሳጥኖች፣ ሆቴሉ በሌላ ለማሠራት እንዳስገመተው፦ 440,000 በ70 በመቶ = 308,000
- የጠፋ ገቢ፦ 1,200,000 በ10 በመቶ = 120,000

ድምሩ 572,000 ብር። መቀጫው ወደ 60 በመቶ የወረደው ከ40ው ቀን 15ቱ የሆቴሉ ጥፋት ስለሆነ ነው። የጠፋው ገቢ 10 በመቶ ብቻ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ውሉ ለመዘግየት መቀጫ ቆርጧል። ከመቀጫው በላይ ካሳ ለማግኘት ሆቴሉ ሆን ብላችሁ ወይም በከባድ ጥፋት መዘግየታችሁን ማሳየት ይኖርበታል።

2,179,500 ሲቀነስ 572,000፣ 1,607,500 ብር። ይህ የጉዳያችሁ ሚዛናዊ ዋጋ ነው። 2,437,500 ብላችሁ ከጠየቃችሁበት ክስ ጋር ስታስተያዩት ሊያማችሁ ይችላል። ቢሆንም በቁጥሩ ላይ መናደድ ያለባችሁ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከሆነ ዘግይቷል።

መቶኛዎቹን ብቻችሁን አታውጡ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይገምት፤ አንዱ ጉዳዩን ያልያዘ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። ግምታቸው ከ20 ነጥብ በላይ ከተራራቀ ያን ነጥብ በደንብ አልመረመራችሁትም ማለት ነው፤ ወደ ሰነዱ ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ ከሚዛናዊው ዋጋ ተነስታችሁ ሁለቱን ጫፎች አውጡ

ታችኛው ጫፍ ማለት ከዚያ በታች ከሆነ ተነስታችሁ ፍርድ ቤት ብትሄዱ የሚሻላችሁ ቁጥር ነው። ከ1,607,500 ላይ ክርክሩ የሚያስወጣችሁንና የማይመለስላችሁን ቀንሱ። ለጠበቃና ለባለሙያ 160,000 ብር እንበል። 1,447,500 ቀረ።

ቀጥሎ ጊዜውን አስሉ። ይግባኙን ጨምሮ 2 ዓመት ይፈጃል እንበል። ለሥራ ማስኬጃ ባንክ በ17 በመቶ ተበድራችኋል፤ ፍርድ ቤት ቢፈርድላችሁ የሚያስበው ወለድ ግን 9 ነው። የ8 በመቶ ልዩነት ለ2 ዓመት በ1,447,500 ላይ 231,600 ብር ይሆናል። ሲቀነስ ወደ 1,216,000 ይወርዳል። ስለዚህ ታችኛው ጫፋችሁ ወደ 1,200,000 ብር ነው።

ላይኛው ጫፍ የሚወጣው በሌላው ወገን ዓይን ነው። ሆቴሉ ነገሩን በእርጋታ ቢያሰላ 1,607,500 እንደሚከፍልና በተጨማሪ ለጠበቃው እንደሚያወጣ ያያል። ከ1,750,000 በላይ የሚከፍልበት የገንዘብ ምክንያት የለውም። ስለዚህ እውነተኛው ወሰን ከ1,200,000 እስከ 1,750,000 ብር ነው። ጊዜው ለሆቴሉ እንደሚያደላም ጻፉት፤ በ9 በመቶ ብር የሚያቆይ ሰው አይቸኩልም።

የመነሻ ጥያቄያችሁ ከላይኛው ጫፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ግን ምክንያት ይኑረው። እዚህ ላይ ጥሩው መነሻ 1,950,000 ነው፦ ቀሪው 2,100,000፣ ሲቀነስ የራሳችሁ የሆነው የ25 ቀን መቀጫ 150,000። ሌላው ወገን ባይቀበለውም ከየት እንደመጣ ያየዋል። ከየትም የመጣ ክብ ቁጥር ያለው ሰው በሌላ ክብ ቁጥር ነው የሚመለስለት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሮቹ ሁሉ ተ.እ.ታን ያካተቱ ናቸው ወይስ አይደሉም? መጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉ። በ1,500,000 ተጨባብጦ ማታ ላይ «ከ15 በመቶው ጋር ነው እንዴ?» ተብሎ የፈረሰ ስምምነት አይቻለሁ።

ደረጃ 7፦ ገንዘብ ያልሆነውን መፍትሔ ፈልጉ

ያበጡትን 20 ቁም ሳጥኖች ሆቴሉ በሌላ ለማሠራት 440,000 ብር ያወጣል። እናንተ በራሳችሁ ወርክሾፕ፣ በትክክለኛው ቦርድ ብትቀይሩት በአንዱ 9,000፣ በጠቅላላው 180,000 ብር ይፈጅባችኋል። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ለጉድለቱ የቀነሳችሁት 308,000 ይመለስና 1,915,500 ይሆናል። የሥራው 180,000 ሲወጣ 1,735,500 በእጃችሁ ይቀራል። ከቀድሞው በ128,000 ይበልጣል። ሆቴሉም 308,000 ጨምሮ ከፍሎ 440,000 የሚያወጣ ሥራ ያገኛል።

ይህን ፍርድ ቤት በቀላሉ አይሰጣችሁም፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ይገኛል። ስለዚህ አስማሚው ብቻ በሚያየው ወረቀት ላይ ሁለት ወሰን አስቀምጡ፤ አንዱ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሲሆን፣ አንዱ እድሳቱ ሲጨመር። የሆቴሉ ሰዎች «እንደገና እነሱን አናስገባም» ካሉ ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ። የክፍያ ጊዜንም እዚሁ አንሱት፦ በአንድ ጊዜ ከተከፈለ እስከ ስንት ትቀንሳላችሁ? በስድስት ወር ከሆነ በምን ዋስትና?

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው የጠበቃን ወጪ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፤ መቶኛው ላይ «ለድካሙ» ብለው ይቀንሱና መጨረሻ ላይም ይቀንሱታል። መቶኛው የማሸነፍ ዕድል ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው የተከሳሽን ጥያቄ መርሳት ነው። በምሳሌያችን የ572,000 ብሩን ወገን ሳያሰላ የመጣ ሰው ታችኛ ጫፉን ወደ 1,700,000 አካባቢ ያደርገዋል። ወሰኑ ውስጥ ያለ ጥሩ ሐሳብ ሲቀርብለት ተነስቶ ይሄዳል።

ሦስተኛው ታችኛውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ለአስማሚው መንገር ነው፤ «ትንሽ ልጨምርበት፣ እሱ ያወርደዋል» በሚል። አስማሚው ባመናችሁት ቁጥር ይሠራል። የእናንተ 1,600,000 እና የሌላው 1,400,000 ካልተገናኙ በየቤታችሁ ይሸኛችኋል። ሁለታችሁም በልባችሁ 1,500,000 ይዛችሁ ወጣችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ልካችሁ አዘምኑት

ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይድረስ፤ አስማሚው ጠይቆ የሚያብራራበት ጊዜ እንዲያገኝ። የስብሰባው ዕለት የሒሳቡን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ፤ ሌላው ወገን እንዳያየው ግን ተጠንቀቁ። አዲስ ሰነድ ከወጣ፣ ለምሳሌ ተቆጣጣሪው ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን እንደነበረው የሚያሳይ ደብዳቤ ከተገኘ፣ የተጨማሪ ሥራውን 50 በመቶ ወደ 80 ከፍ አድርጉና እንደገና ደምሩ። 54,000 ብር ብቻ ነው የሚጨምረው። ለዚያ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ አትሟገቱ።